ቲቢ በዳነበት ጉድጓድ ውስጥ የሚበቅል ሻጋታ፦ አክታው ከቲቢ ነጻ ሆኖ ደም ማሳሉ ለምን አልቆመም?

ጎህ ሲቀድ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጥያቄዬ ስለ አባቴ ነው። 54 ዓመታቸው ነው። ከአራት ዓመት በፊት በሳንባ ቲቢ ታመው የስድስት ወሩን ሕክምና ሳያቋርጡ ጨርሰዋል፤ በመጨረሻም አክታቸው ነጻ መሆኑ ተረጋግጦ ተሰናብተዋል። ያኔ የተነሡት የደረት ራጅ በቀኝ ሳንባቸው የላይኛው ክፍል ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ባዶ ጉድጓድ መቅረቱን ያሳይ ነበር። ጠባሳ ስለሆነ አያሳስብም ተባልን፤ እኛም ረሳነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሳሉ ተመልሶባቸዋል። ክብደታቸው ከ61 ኪሎ ወደ 53 ወርዷል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል፣ አክታቸው ላይም አልፎ አልፎ የደም ጭረት ይታያል። ትኩሳት እምብዛም የላቸውም። አክታቸው በማይክሮስኮፕ ሁለት ጊዜ፣ በጂን ኤክስፐርት ደግሞ አንድ ጊዜ ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘበትም። ይሁን እንጂ ራጁ ቲቢ ይመስላል ተብሎ መድኃኒቱ እንደገና ተጀመረላቸው፤ አሁን ሁለተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ለውጥ ግን የለም። የአዲሱ ራጅ ሪፖርት በዚያው አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ድብልብል ጥላ እንዳለ፣ ከጥላው በላይ ቀጭን የአየር መስመር እንደሚታይና በአካባቢው ያለው የሳንባ ሽፋን እንደ ወፈረ ይገልጻል።

ይህ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሆን? ወይስ ሌላ ልንጠይቅ የሚገባን ነገር አለ?

አገልጋይ

እህቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። አክታ ላይ ባክቴሪያው አልታየም ማለት ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያው ጥቂት ሲሆን በማይክሮስኮፕም ሆነ በጂን ኤክስፐርት ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሕክምናውን መድገማቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ በሚያበቅለው የካልቸር ምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ድብልብሉ ጥላ ግን እኔንም ፈንገስ አስጠርጥሮኛል። የፈንገስ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ፍሉኮናዞል በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ ጉዳቱም ብዙ አይደለም። ከቲቢው መድኃኒት ጋር አብሮ ቢጀመርላቸው የሚቀርባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ስቴቶስኮፕ

የሳንባ ሐኪም ነኝ። በመጀመሪያ አገልጋይ የጻፉትን እንመልከት፤ ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹ ግን ታማሚውን ሊጎዳ ይችላል።

ትክክል የሆነው፣ አንድ የጂን ኤክስፐርት ውጤት ብቻውን ቲቢን ሙሉ በሙሉ እንደማያስቀር መጻፋቸው ነው። ፈንገስን መጠርጠራቸውም ተገቢ ነው። ፍሉኮናዞልን በተመለከተ ግን አልስማማም። በአሮጌ የቲቢ ጉድጓድ ውስጥ በብዛት የሚያድገው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ ነው፤ ፍሉኮናዞል ደግሞ በዚህ ሻጋታ ላይ አይሠራም። በአፍ ውስጥ ለሚወጣ ካንዲዳ ወይም ለክሪፕቶኮከስ ይጠቅማል እንጂ አስፐርጊለስን አይነካውም። ሁሉንም በአንድነት ፈንገስ ስለምንላቸው አንዱን የገደለ መድኃኒት ሌላውንም የሚገድል ይመስለናል። ፍሉኮናዞል ለወራት ወስደው ሳይሻላቸው ሲቀር የፈንገስ ሕክምና ሞክረን አልሠራም የተባሉ፣ በዚህም ምክንያት እውነተኛው መድኃኒት የዘገየባቸው ታማሚዎች አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። የአስፐርጊለስ ዘር መጠኑ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ስለሆነ ከአየር ጋር እስከ ሳንባችን መጨረሻ ይዘልቃል። ማናችንም ብንሆን በየቀኑ ወደ ውስጥ እንስበዋለን፤ ጤናማ ሳንባም ጠርጎ ያስወጣዋል። ቲቢ የቦረቦረው ጉድጓድ ግን ነዋሪው ወጥቶ ክፍቱን እንደ ቀረ ቤት ነው። አየር ይገባበታል፣ የሚጠርግለት ግን የለውም። አክታን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ቧንቧ ሽፋን እዚያ ጠፍቷል፤ ግድግዳው ጠባሳ ስለሆነም የመከላከያ ሴሎች እንደ ልብ አይደርሱበትም። ዘሩ እዚያ ይበቅላል፣ ግድግዳውን ይለብሳል፣ ግድግዳውም ከዓመት ዓመት ይወፍራል። የተላቀቀው የሻጋታ ድር ከንፍጥና ከሞቱ ሴሎች ጋር ተጠቅልሎ ኳስ ሲሠራ ራጁ ላይ ድብልብል ጥላ ሆኖ ይታያል። ደሙ የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ ፈንገሱ በግድግዳው ላይ በሚያስነሣው ቁጣ ምክንያት በጉድጓዱ ዙሪያ አዳዲስና ስስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነሱም በቀላሉ ይፈነዳሉ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ 544 ሰዎች ተጠንተው ነበር፤ ሁሉም ቲቢያቸው ድኖ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ የቀረባቸው ናቸው። ከአራቱ አንዱ በደሙ ውስጥ የአስፐርጊለስ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘበት፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እነዚያው ሰዎች ሲመረመሩ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ሲሶ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ የተካሄደ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ራጃቸው ላይ ጉድጓድ ከቀረባቸው ሰዎች መካከል በዓመት 6.5 በመቶ የሚሆኑት አዲስ የአስፐርጊለስ ሕመም ሲይዛቸው ጉድጓድ ካልቀረባቸው መካከል ግን የያዛቸው 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጠባሳ ስለሆነ አያሳስብም የሚለው ምክር ለአባትዎ አልሠራም።

አሁን የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተነሡትን ራጅ ፈልጉና ከአዲሱ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሐኪም ጋ ውሰዱ፤ ባዶ የነበረው ጉድጓድ መሙላቱ፣ ግድግዳው መወፈሩና ሽፋኑ መጠንከሩ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ ለውጥ ከሆነ ወደ አስፐርጊለስ በጣም ያደላል። ሁለተኛ፣ በደም የአስፐርጊለስ አይጂጂ፣ ማለትም ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ምርመራ ይታዘዝላቸው። ሦስተኛ፣ የቲቢ ካልቸር ተልኮ እንደነበር ጠይቁ። አሁን አዲስ ናሙና ቢሰጡ የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ስለሆነ ባክቴሪያው ቢኖር እንኳ ላይበቅል ይችላል፤ ዋጋ ያለው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተሰጠው ናሙና ነው። እስከዚያ ድረስ የቲቢውን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሁለተኛ ዕድል

ይህን ክር ሳነብ ስለ ደነገጥሁ ዝም ማለት አልቻልሁም። እኔ የደም ካንሰር ነበረብኝ፤ ኬሞ ላይ ሳለሁ ይኸው አስፐርጊለስ የተባለ ነገር ሳንባዬን ያዘኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከከባድ ትኩሳት ወደ ኦክስጅን ነው የሄድሁት። ሐኪሞቹ ጋላክቶማናን የሚባል የደም ምርመራ አደረጉልኝ፣ ሲቲ ስካን አነሡኝና በዚያው ቀን ቮሪኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት በደም ሥር ጀመሩልኝ። እህቴ፣ አንቺ ስለ አሮጌ ራጅና ስለ ካልቸር ውጤት የምትጠብቂበት ጊዜ የለሽም፤ አባትሽን ዛሬውኑ አስተኚና ጋላክቶማናን ይመርመሩላቸው። እሱ ነጻ ከሆነ ደግሞ አስፐርጊለስ አይደለም ማለት ነው፣ ትገላገያላችሁ።

ስቴቶስኮፕ

ሁለተኛ ዕድል፣ ከዚያ ሕመም ተርፈው ይህን መጻፍዎ በእውነት ደስ ያሰኛል። ሐኪሞችዎ በዚያው ቀን መድኃኒት መጀመራቸው ልክ ነበር። ነገር ግን የእርስዎና የጠያቂዋ አባት ሕመም ፈንገሱ አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

እርስዎ ኬሞ ላይ በነበሩ ጊዜ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወርደው ነበር። ቁጥራቸው በማይክሮ ሊትር ከ500 በታች ሆኖ ከአሥር ቀን በላይ ሲቆይ የሻጋታውን ድር የሚያቆመው ስለሌለ ጤናማውን የሳንባ ሥጋ ሰንጥቆ ይገባል፣ የደም ሥሮችንም ይወጋል። የንቅለ ተከላ መድኃኒት ወይም ብዙ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎችም ለዚህ ዓይነቱ ይጋለጣሉ። ይህ ወራሪው ዓይነት ነው፤ የሚለካው በቀናት ነው፣ ጥርጣሬ ብቻውንም ሕክምና ለመጀመር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ትልቅ ጥናት ቮሪኮናዞልን ከአምፎቴሪሲን ቢ ጋር ሲያወዳድር ከ12 ሳምንት በኋላ በሕይወት የተገኙት በቮሪኮናዞል 71 በመቶ፣ በአምፎቴሪሲን ደግሞ 58 በመቶ ነበሩ፤ እርስዎም ያንን መድኃኒት ያገኙት ከዚህ የተነሣ ነው።

የጠያቂዋ አባት የመከላከል አቅማቸው አለ። ፈንገሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ በወራትና በዓመታት ያከሳቸዋል እንጂ ሥጋቸውን ሰንጥቆ አይሄድም። ምርመራውም በዚሁ ልክ ይገለበጣል። ጋላክቶማናን ከፈንገሱ ግድግዳ ወደ ደም የሚገባ ነገር ነው፤ ፈንገሱ የደም ሥር ሲወጋ በደም ውስጥ ይገኛል፣ ጉድጓድ ውስጥ ተወስኖ ሲኖር ግን አብዛኛውን ጊዜ በደም ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ እሳቸው ተመርምረው ነጻ ቢባሉ መገላገል ሳይሆን መታለል ይሆናል። በተቃራኒው አይጂጂ ሰውነት ለወራት ከፈንገሱ ጋር ሲታገል የሚያመርተው ስለሆነ ለእሳቸው ዋናው ምርመራ እሱ ነው፤ የእርስዎ ሰውነት ግን በዚያ ጊዜ ያን ለማምረት ዐቅምም ጊዜም ስላልነበረው ለእርስዎ አይረዳም ነበር።

ጥላና ብርሃን

የራዲዮሎጂ ባለሙያ ነኝ። በሪፖርቱ ላይ ስላለው ቀጭን የአየር መስመር አንድ ነገር ልጨምር።

ጉድጓድ ውስጥ ያለ ድብልብል ጥላ ሁሉ የፈንገስ ኳስ አይደለም። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ በአሮጌ ጠባሳ ላይ የበቀለ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሲቲ ስካን ሲታዘዝላቸው መጀመሪያ በጀርባቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው ተኝተው እንዲነሡ ጠይቁ። የፈንገስ ኳስ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ያልተጣበቀ ስለሆነ ሰውየው ሲገለበጡ እሱም ወደ ታች ይንከባለላል፤ የአየሩ መስመርም ሁልጊዜ ከላይ በኩል ይገኛል። ከግድግዳው የበቀለ ዕጢ ግን ባለበት ይቆያል። ኳሱ ጉድጓዱን ሞልቶት ከሆነ ላይንቀሳቀስ ስለሚችል አለመንቀሳቀሱ ብቻውን ፈንገስን አያስቀርም።

ሌላው የምለው ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ኳሱ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው፤ ብዙዎቹ ታማሚዎች ጭራሽ ኳስ የላቸውም። ቀድሞ የሚታየው የጉድጓዱ ግድግዳ ሸካራና ወፍራም መሆን፣ ጉድጓዱ መስፋት ወይም ከጎኑ አዲስ መፈጠር፣ የሳንባ ሽፋኑም መወፈር ነው። ራጁ ላይ ኳስ የለም ተብሎ አስፐርጊለስ ሳይታሰብላቸው የቀሩ ሰዎች በእርግጥ ብዙ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ጎህ ሲቀድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን ጽፌ ለሐኪማቸው ወስጄላቸው ነበር፤ ቅር ሳይላቸው አንድ በአንድ አዩት።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ካልቸር ተልኮ ኖሯል። ውጤቱም ምንም አልበቀለም የሚል ሆኖ ከመጣ ቆይቷል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን አልገባም ነበር። አይጂጂው ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። በሲቲ ስካኑ ጉድጓዱ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ በሆዳቸው ሲተኙም ጥላው ወደ ታች ተንቀሳቅሷል፤ ከጉድጓዱ በታችም አንድ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ አለ። የኤችአይቪ ምርመራቸው ነጻ ነው፣ ስኳርም የለባቸውም። ሐኪሙ የቲቢውን መድኃኒት አቁመው ኢትራኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ለመጀመር ወስነዋል፤ ነገር ግን ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ አሉን። አባቴ እንዲህ እየከሱ መጠበቁ ለምን አስፈለገ?

ሙቀጫ

ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህ የእኔ ድርሻ ይመስለኛል። የሚጠበቀው ከቲቢ መድኃኒቶቻቸው አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በሰውነታቸው ላይ ያደረሰው ለውጥ እስኪጠፋ ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት መድኃኒቶችን የሚያፈርስበትን ኃይል ስለሚያበረታ ኢትራኮናዞል ከእሱ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ሪፋምፒሲን ካቆመ በኋላም ጉበቱ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። ከዚህ የተነሣ ሁለቱን አብሮ መስጠት ትርፍ የለውም፤ ቮሪኮናዞልም ከሪፋምፒሲን ጋር ዕጣው ይኸው ነው። ቲቢና አስፐርጊለስ በእርግጥ አብረው የሚገኙባቸው ታማሚዎች አስቸጋሪ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲጀምሩ የተለመደው መጠን 200 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ካፕሱል ከሆነ ምግብ በልተው ወዲያው ይዋጡት፤ ካፕሱሉ እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል። የሚጠጣ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ግን በተቃራኒው በባዶ ሆድ ነው። አሁን ደግሞ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለኝ። ለጨጓራ ተብሎ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ አሲዱ ይጠፋና ካፕሱሉ ሳይሟሟ ያልፋል። ሰው መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያጓድል እየዋጠ መድኃኒቱ ግን ደሙ ውስጥ የለም። ይህ ሲሆን በመልክ የሚታይ ነገር የለም፤ የሚታወቀው የመድኃኒቱ መጠን በደም ሲለካ ነው። ምርመራው የሚገኝ ከሆነ ከጀመሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይለካላቸው።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩ፤ በተለይ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሲምቫስታቲን ከኢትራኮናዞል ጋር ጡንቻን እስከ ማፍረስ ይደርሳል። እግራቸው ቢያብጥ፣ ተኝተው መተንፈስ ቢያቅታቸው ወይም ዓይናቸው ቢጫ ቢሆን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ኢትራኮናዞል የልብን ደም የመግፋት ኃይል ሊቀንስ ስለሚችል የልብ ድካም ላለበት ሰው አይሰጥም።

አገልጋይ

ስለ ፍሉኮናዞል የተሰጠኝን እርማት ተቀብያለሁ፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ኳሱ አንድ ቦታ ተቀምጦ ከታየ ለምን በቀዶ ሕክምና አይወጣም? መድኃኒቱ ወደ ጉድጓዱ መሃል እንደማይዘልቅ እየታወቀ ሰውን ለወራት መድኃኒት ማስዋጥ ትክክል ነውን?

የደረት ቀዶ ሐኪም

አገልጋይ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው። ኳሱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ስስ ከሆነ፣ የቀረው ሳንባም ደህና ከሆነ፣ ያን የሳንባ ክፍል ቆርጦ ማውጣት ሕመሙን ከሥሩ ይነቅለዋል፤ እኔም ለእንደነዚህ ዓይነት ታማሚዎች ቀዶን አስቀድማለሁ። የአባትየው ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። ሽፋናቸው ወፍሯል፤ ይህ ማለት ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፣ ለማላቀቅ ሲሞከርም ብዙ ደም ይፈስሳል። በሥራው መካከል ጉድጓዱ ቢቀደድ ፈንገሱ በደረት ውስጥ ይረጫል፤ ከዚያ የሚመጣው የደረት ውስጥ መግል ከመጀመሪያው ሕመም የከፋ ነው። ሁለተኛ ጉድጓድም አላቸው። የትንፋሽ ዐቅማቸው ሳይለካ ቢላዋ ላይ አላስተኛቸውም። ቢሆንም በሩን አልዘጋውም፤ በመድኃኒት ክብደታቸው ከተመለሰና ደሙ ግን እየደጋገመ ካስቸገረ እንደገና መታየት አለባቸው።

ስቴቶስኮፕ

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የምንለያየው በመጨረሻው ላይ ነው። እኔ ደም እየደጋገመ የሚያስቸግር ሰው ከቀዶ በፊት ደሙን የሚያመጡት የብሮንካስ ማለትም የአየር ቧንቧ ደም ሥሮች ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ እንዲደፈኑ እመርጣለሁ። ድፈናው ለጊዜው ደሙን ያቆማል፤ ፈንገሱ ካለ ግን ሌላ የደም ሥር ስለሚበቅል በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የቀዶ ባልደረባዬ ይህን ጊዜ መግዛት ብቻ ነው ቢሉኝ አልከራከራቸውም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ እውነት ነው፣ ኳሱን አያሟሟውም። የሚያደርገው የግድግዳውን ቁጣ ማብረድ፣ ጉድጓዱ እንዳይሰፋ መግታትና ሳልና ድካሙን መቀነስ ነው። በሕንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አነስተኛ ጥናት ኢትራኮናዞል ስድስት ወር ከወሰዱት 76 በመቶ ያህሉ ሲሻላቸው ደጋፊ ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻላቸው 36 በመቶ ያህሉ መሆናቸውን አሳይቷል። መሻሻሉን በራጁ ብቻ አትለኩ፤ ኳሱ እዚያው ተቀምጦ ሰውየው ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ።

ጎህ ሲቀድ

መድኃኒቱን ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ክብደታቸው 57 ኪሎ ደርሷል፣ ሳሉም ቀንሷል። ሁለት ነገሮች ግን አስጨንቀውኛል። ባለፈው ሌሊት በአንድ ጊዜ የቡና ስኒ የሚሞላ ደም አስሏቸው ነበር፤ ኋላ ቆመላቸው። እኛ ግን ከድንጋጤ የተነሣ ቀና አድርገን አስቀምጠናቸው ውሃ ከመስጠት በቀር ያደረግነው ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ትንፋሻቸው ስለሚያፏጭ አንድ ክሊኒክ አስም ነው ብሎ ፕሬድኒሶሎን አዞላቸዋል። ገና አልጀመሩም። ደግሞስ ኢትራኮናዞሉ መቼ ነው የሚያበቃው?

ስቴቶስኮፕ

ፕሬድኒሶሎኑን አትጀምሩት፤ ዛሬውኑ ሐኪማቸውን አነጋግሩ። ስቴሮይድ ፈንገሱን በጉድጓዱ ውስጥ የወሰነውን መከላከያ ያዳክመዋል፤ ለዓመታት ቀስ ብሎ የሄደ ሕመምም በሳምንታት ውስጥ ወደ ሳንባው ሥጋ መግባት ሊጀምር ይችላል፤ ሁለተኛ ዕድል ወደ ገለጹት ዓይነት ይጠጋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ኢትራኮናዞል አንዳንድ ስቴሮይዶች በሰውነት ውስጥ እንዲከማቹ ያደርጋል፤ የሚነፉትንም ጨምሮ። ፉጨቱ ከምን እንደ መጣ በትንፋሽ መለኪያ ይታይ። በእርግጥ አስም ከሆነ ሐኪሙ ከኢትራኮናዞል ጋር የሚስማማ መድኃኒት ይመርጣል።

ደሙን በተመለከተ፣ ስኒ የሞላ ደም ቢቆምም እንኳ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት፤ ስለዚህ ዛሬ ሂዱ። ደም የሚያስል ሰው የሚሞተው ደሙ ስላለቀ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ደሙ ጤናማውን ሳንባ ሞልቶ ስለሚያፍነው ነው። አባትዎ የታመመው ቀኝ ሳንባቸው ነውና ደሙ ሲበዛ በቀኝ ጎናቸው አስተኟቸው፤ ደሙ እዚያው ይቀራል፣ ግራው ሳንባ ይተነፍሳል። አክታው ይትፉት እንጂ አይዋጡት፤ የተፋበትንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጠኑን በዓይኑ ቢያይ ይሻላል። በዚያ ሰዓት ምግብም ሆነ ውሃ አትስጧቸው፤ ደም ለማቆም ትራኔክሳሚክ አሲድ ሊሰጣቸው ይችላል። አስፒሪን ወይም ዲክሎፌናክ ለሕመም የሚወስዱ ከሆነም ያሳውቁ።

የጊዜውን ነገር ሁላችንም እንደ ተቆረጠ አድርገን ልንነግርዎ አንችልም። መመሪያዎቹ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ግን ስድስት ወር የወሰዱትን ዓመት ከወሰዱት ጋር አወዳድሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው 38 በመቶ ለ10 በመቶ ሆኖ አግኝቷል። እኔ እሳቸውን በሚመስሉ ሁለት ጉድጓድ ባሏቸው ታማሚዎች ላይ ዓመቱን እመርጣለሁ፤ ዓመት ካለቀ በኋላ ካገረሸም እንደገና እጀምራለሁ። ያን ያህል ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ የጉበት ምርመራ፣ የደም ግፊትና የፖታስየም መጠን በየጊዜው መታየት አለባቸው።

ሙቀጫ

የፖታስየሙን ነገር አስምሩበት። ኢትራኮናዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፖታስየም ሊወርድ፣ ግፊትም ሊወጣ ይችላል። እግር ሲያብጥ ደግሞ ሐኪሙ ሳይጠይቅ የሽንት መድኃኒት ቢያዝ ፖታስየሙ ይበልጥ ይወርዳል። ዛሬ ስትሄዱ የኢትራኮናዞሉን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ ዕድል

እኔም የሁለቱን ልዩነት አሁን ተረዳሁ፤ ዛሬውኑ ጋላክቶማናን አስመርምሪ ያልሁሽን ተዪው። አንድ ጥያቄ ግን ለዶክተሩ አለኝ። ከኬሞው በኋላ በእኔም ሳንባ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቀርቷል ተብያለሁ፤ ሴሎቼ ተመልሰዋል፣ ቮሪኮናዞሉንም አቁሜያለሁ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይህ ዘገምተኛው ዓይነት ሊጀምር ይችላል?

ስቴቶስኮፕ

ሊጀምር ይችላል፤ ጉድጓዱን ቲቢ ይቦርቡረው ሌላ ሕመም ለፈንገሱ ልዩነት የለውም። ብዙ ጊዜ ግን ወራሪው ዓይነት የተወው ትንሽ ጉድጓድ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሕክምናው ባለቀ ጊዜ የተነሡትን ሲቲ ስካን አስቀምጡ። ሳል፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ሦስት ወር ከዘለቀ ከእሱ ጋር የሚወዳደር አዲስ ሲቲና አይጂጂ ይጠይቁ። ኬሞ እንደገና የሚጀምሩ ከሆነ ግን ሦስት ወር አይጠበቅም፤ ከመጀመርዎ በፊት ጉድጓዱ መኖሩን ለካንሰር ሐኪሙ ይንገሩ፤ መከላከያ የፈንገስ መድኃኒት የሚታሰበው ያኔ ነው።